«ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዛት»፦ የተቆራረጠውን እንግሊዝኛ መቀጠል

አንዲት ወጣት ለሆቴል ሥራ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ማመልከቻ ስለ ራሷ እንዲህ ይላል እንበል። የእንግሊዝኛውን ድምፅ በፊደላችን እጽፈዋለሁ፤ ጮክ ብለው ያንብቡት። «አይ ሃቭ አን አንት። ሺ ሊቭስ ኢን ሀዋሳ። ሺ ሃዝ ኤ ሾፕ። ዘ ሾፕ ሴልስ ሹዝ። አይ ወርክድ ኢን ዘ ሾፕ። ኤ ከስተመር ቶት ሚ ቡክኪፒንግ። አይ ሜት ሂም ኢን ዘ ሾፕ።» አክስት አለችኝ። ሀዋሳ ትኖራለች። ሱቅ አላት። ሱቁ ጫማ ይሸጣል። ሱቁ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ደንበኛ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ አስተማረኝ። ሱቁ ውስጥ ነው ያገኘሁት።

ሰባቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ብንመረምራቸው የሰዋስው ስህተት አናገኝባቸውም። ቀጣሪው ግን ሲያነባቸው የሚሰማው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ድምፅ ነው። ይህቺው ወጣት ታሪኩን ለጓደኛዋ በአማርኛ ብትነግራት በፍጹም እንዲህ አትቆራርጠውም። «ሀዋሳ የምትኖር አክስት አለችኝ፤ ጫማ የሚሸጥ ሱቅ አላት፤ እሱ ውስጥ ስሠራ ያገኘሁት አንድ ደንበኛ ነው ሒሳብ አያያዝ ያስተማረኝ» ትላለች። «የምትኖር»፣ «የሚሸጥ»፣ «ያገኘሁት»፣ «ያስተማረኝ»፤ በአንድ ትንፋሽ አራት ጊዜ አንዱን ነገር በሌላው ገለጸች፤ ሳታስበው። ሐሳብን አያይዞ መናገር ታውቅበታለች ማለት ነው። እንግሊዝኛው ላይ ስትደርስ ይህን ችሎታዋን ለምን ተወችው?

ለዚህ ጥያቄ በጣም የሚቀርበውን መልስ የሰጠችው ጃክሊን ሻክተር የተባለች አሜሪካዊት የቋንቋ ተመራማሪ ናት። በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ ዓረብኛ፣ ፋርስኛ፣ ቻይንኛና ጃፓንኛ ተናጋሪ የሆኑ ተማሪዎች የጻፉትን እንግሊዝኛ አወዳደረች። የተመለከተችው በትምህርት ቤት «ሪላቲቭ ክሎዝ» የምንለውን፣ ማለትም ስምን ለመግለጽ በ«ሁ»፣ በ«ዊች» ወይም በ«ዛት» የሚጀምረውን ሐረግ ነው። ቻይናውያኑና ጃፓናውያኑ ጥቂት ብቻ ስተው ተገኙ። ላይ ላዩን ሲታይ ጎበዞቹ እነሱ ናቸው። ቀረብ ብላ ስትቆጥር ግን ሐረጉን የተጠቀሙበት ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ያልሳቱት ስለሸሹት ነበር። የሸሹበትንም ምክንያት በቋንቋዎቻቸው አሠራር ውስጥ አየችው፤ በዓረብኛና በፋርስኛ ገላጩ ሐረግ እንደ እንግሊዝኛው ከስሙ በኋላ ሲመጣ፣ በቻይንኛና በጃፓንኛ ግን ከስሙ በፊት ይመጣል።

የኛም ከፊት ነው። «ሀዋሳ የምትኖር» ካልን በኋላ ነው «አክስት» የምንለው። እንግሊዝኛው ተቃራኒውን ይዞ መጀመሪያ «አን አንት» ይልና «ሁ ሊቭስ ኢን ሀዋሳ» ያስከትላል። አማርኛ ተናጋሪ ረጅም እንግሊዝኛ ለመናገር አፉን ሲከፍት መጀመሪያ ወደ ምላሱ የሚመጣው ገላጩ ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ በዚያ ቦታ ስሙን ይጠብቃል። ያን ጊዜ ነጥብ አስቀምጦ አዲስ ዓረፍተ ነገር መጀመር ከሁሉ ይቀልለዋል። የወጣቷ ማመልከቻ የተቆራረጠው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ «ረጅም ጻፉ» የሚለው ምክር ብቻውን አይጠቅማትም። የሚጠቅማት እጇ የት ቦታ እንደሚደናቀፍ ማወቅ ነው።

ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚጋጠምበት አሠራር ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። «ዘ ዉማን ኢዝ ማይ አንት። ዘ ዉማን ሴልስ ሹዝ።» ሴትየዋ አክስቴ ናት፤ ሴትየዋ ጫማ ትሸጣለች። በሁለቱም ውስጥ የተጠቀሰው «ዘ ዉማን» ነው። ሁለተኛውን «ዘ ዉማን» አውጥተን በቦታው «ሁ» እናስገባለን፤ «ሁ ሴልስ ሹዝ» ይሆናል። ይህን እንዳለ አንሥተን ከመጀመሪያው «ዘ ዉማን» ቀጥሎ እናስቀምጠዋለን። «ዘ ዉማን ሁ ሴልስ ሹዝ ኢዝ ማይ አንት።» ጫማ የምትሸጠው ሴትዮ አክስቴ ናት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መካከሉ ላይ ተከፍቶ ሁለተኛውን አስገባ፤ ከዚያ ካቆመበት ቀጠለ።

«ቀጥሎ» ያልኩት በጥብቅ ነው። ገላጩ ሐረግ ከሚገልጸው ስም ጋር መጎራበት አለበት። «አይ ቦት ኤ ባግ ፎር ማይ ማዘር ዊች ሃዝ ቱ ፖኬትስ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለት ኪስ ያለው ቦርሳ ለእናቱ መግዛቱን ሊናገር ነበር፤ አንባቢው ግን ኪሶቹን ከእናቱ ጎን አገኛቸው። አማርኛ ላይ «ለእናቴ ሁለት ኪስ ያለው ቦርሳ ገዛሁ» ስንል ይህ ችግር አይገጥመንም፤ «ያለው» ከ«ቦርሳ» ጋር ተያይዟል። እንግሊዝኛውንም ቦርሳው ከገላጩ ጎን እንዲሆን አድርጎ ማዞር ነው፦ «አይ ቦት ማይ ማዘር ኤ ባግ ዊች ሃዝ ቱ ፖኬትስ።»

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስህተት አማርኛ ተናጋሪን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ነው፤ ረጋ ብለን እንየው። «ያገኘሁት ሰው» የሚለውን አማርኛ እንውሰድ። መጨረሻው ላይ ያለችው «ት» ሥራ አላት፤ «እሱን» ማለት ናት። ሴት ከሆነች «ያገኘኋት» እንላለን፤ ብዙ ከሆኑ «ያገኘኋቸው» እንላለን። የአማርኛ ግስ ድርጊቱን የተቀበለውን ሰው እላዩ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ከኋላው «ሰው» የሚለው ስም እየመጣም ቢሆን አይጥለውም። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ያችን «ት» ይዘናት እንሻገራለን፤ «ዘ ማን ሁ አይ ሜት ሂም» ብለን እንጽፋለን። ይህ በእንግሊዝኛ ስህተት ነው። ትክክሉ «ዘ ማን ሁ አይ ሜት» ብቻ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ወደ መጀመሪያዋ አጭር ዓረፍተ ነገር መመለስ ይበቃል። «አይ ሜት ሂም» ነበረች። ስናጋጥም «ሂም» ከመጨረሻ ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ፤ ቅርጹንም ለውጦ «ሁ» ሆነ። የተነሣበት ቦታ ባዶ መቅረት አለበት። እዚያ ሌላ «ሂም» ብናስቀምጥ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ጠራነው ማለት ነው። ዓረብኛም እንደ አማርኛ በገላጩ ግስ ላይ ይህን ተቀባይ ይዞ ስለሚቆይ፣ በዓረብ አገር ኖረው ዓረብኛን የለመዱ ወገኖቻችን እንግሊዝኛ ሲጽፉ ከሁለት ወገን ይገፋሉ።

ስህተቱን ለመያዝ ሐረጉን ለብቻው አውጥቶ ማንበብ ነው። «ሁ»ን፣ «ዊች»ን ወይም «ዛት»ን በእጅ ሸፍነው የቀረውን ያንብቡ፤ አንድ ነገር የጎደለው መሆን አለበት። «አይ ሜት…» ብሎ ሲያቆም «ማንን?» የሚል ጥያቄ ከቀረ ትክክል ነው። «አይ ሜት ሂም» ብሎ ከሞላ ግን «ሂም» ይሰረዛል። «ዘ ቡክ ዛት ማይ ቲቸር ጌቭ ሚ ኢት ላስት ዊክ» የሚለውን በዚህ መንገድ ፈትሹት። «ማይ ቲቸር ጌቭ ሚ ኢት ላስት ዊክ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምንም አልጎደለውም። ስለዚህ «ኢት» ትውጣ። ሐረጉ በረዘመ ቁጥር ይህች ትርፍ ቃል ይበልጥ ትደበቃለች፤ ጸሐፊው መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያስቀመጠውን «ዛት» ረስቶታልና።

ተመሳሳይ ትርፍ ከሐረጉ በኋላም ይመጣል። «ዘ ዉማን ሁ ሴልስ ሹዝ ሺ ኢዝ ማይ አንት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሐረጉን ጨርሶ ወደ ዋናው ዓረፍተ ነገር ሲመለስ ባለቤቱ የጠፋችበት መስሎት «ሺ» ጨመረ። «ዘ ዉማን» ግን እዚያው መጀመሪያ ላይ አለች። ሐረጉን በጣት ሸፍነው «ዘ ዉማን … ኢዝ ማይ አንት» ብለው ቢያነቡ ወዲያው ይታያል።

አሁን ወደ «በት» እንምጣ። አማርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ከማንም ሳይጠበቅ የተቀራረበበት ቦታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በክፍል ውስጥ ግን ሲነገር አልሰማም። «የምኖርበት ቤት» እንላለን። «የምኖር ቤት» አንልም፤ ጆሯችን አይቀበለውም። «በቤቱ እኖራለሁ» ከሚለው ውስጥ «በ» ጠፍታ አልቀረችም፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ሄዳ ተለጠፈች። እንግሊዝኛም እንዲሁ ያደርጋል። «አይ ሊቭ ኢን ዘ ሃውስ» ወደ ገላጭ ሐረግ ሲለወጥ «ዘ ሃውስ ዛት አይ ሊቭ ኢን» ይሆናል፤ «ኢን» መጨረሻ ላይ ትቀራለች። ብዙ ጸሐፊዎቻችን ግን «ዘ ሃውስ ዛት አይ ሊቭ» ብለው ይተዉታል። ዓረፍተ ነገር በ«ኢን» ሲያልቅ ያልተጨረሰ ይመስላቸዋል። በአማርኛ «በት» ብለው እንደሚጨርሱ ልብ ቢሉ ግን «ኢን»ን አይፈሯትም ነበር።

ስለዚህ የአማርኛው ግስ በ«በት» ወይም በ«ለት» ሲያልቅ እንግሊዝኛው ትንሽ ቃል እየጠበቀ መሆኑን መጠርጠር ጥሩ ልማድ ነው። «የተቀመጥኩበት ወንበር» «ዘ ቼር አይ ሳት ኦን» ይሆናል። «የጻፍኩበት እስክሪብቶ» «ዘ ፔን አይ ሮት ዊዝ» ነው። «የምሠራለት ሰውዬ» ደግሞ «ዘ ማን አይ ወርክ ፎር» ነው። አንዷ «በት» በቤቱ «ኢን»፣ በወንበሩ «ኦን»፣ በእስክሪብቶው «ዊዝ» ሆና መጣች፤ ስለዚህ የትኛዋ ቃል እንደሆነች አማርኛው አይነግረንም፤ መኖሯን ብቻ ይጠቁመናል።

ጥቆማውም ሁልጊዜ አይሠራም። «ያዳመጥኩት ዘፈን» ውስጥ «በት» የለም፤ እንግሊዝኛው ግን «ዘ ሶንግ አይ ሊስንድ ቱ» ብሎ «ቱ»ን ይፈልጋል። «የጠበቅኩት ሰው» «ዘ ማን አይ ዌትድ ፎር» ነው። በተቃራኒው «የገባሁበት ክፍል» በእንግሊዝኛ «ዘ ሩም አይ ኢንተርድ» ይባላል፤ ምንም አይጨመርበትም። የማያሳስተው መንገድ አጭሯን ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ መጻፍ ነው። «አይ ሊስንድ ቱ ዘ ሶንግ» ብሎ የጻፈ ሰው «ቱ» እንዳለች ያያል፤ «ዘ ሶንግ» ብቻ ተነሥቶ ወደ ፊት ሲሄድ «ቱ» ከቦታዋ አትነቃነቅም።

በመደበኛ ጽሑፍ ትንሿን ቃል ከፊት ማድረግም ይቻላል፦ «ዘ ሃውስ ኢን ዊች አይ ሊቭ።» ያን ጊዜ ለነገር «ዊች»፣ ለሰው «ሁም» እንጂ «ዛት» አይገባም፤ «ኢን ዛት አይ ሊቭ» የሚባል የለም። «ዘ ሃውስ ዌር አይ ሊቭ» ብንል ደግሞ «ዌር» ራሷ «በት»ን ስለያዘች «ኢን» አያስፈልግም። ለወዳጅ በሚጻፍ ደብዳቤ «ኢን ዊች» ኮስተር ያለ ይመስላል፤ በውልና በጥናታዊ ጽሑፍ ግን ቦታው ነው።

የሦስቱን ቃላት ምርጫ በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የአማርኛው «የ» ሰውንም ዕቃንም እኩል ያስተናግዳል፤ «የመጣው ሰውዬ»፣ «የመጣው መኪና»። እንግሊዝኛ ግን ለሰው «ሁ»፣ ለነገር «ዊች» ይላል፤ «ዛት» ለሁለቱም ይሆናል። «ዘ ማን ዊች» ማለት ሰውን ዕቃ ማድረግ ነው፤ ወዲያው ያስታውቃል። «ዊች» እና «ዛት» ስለሚለያዩበት ነገር ብዙ ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፋውለር በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት፣ ስሙን ለይቶ ለሚያሳውቅ ሐረግ «ዛት»ን፣ ተጨማሪ ወሬ ብቻ ለሚያመጣ ሐረግ «ዊች»ን መመደብ ይሻላል አለ። አሜሪካውያን አርታዒዎች ምክሩን በሰፊው ተቀበሉት፤ እንግሊዛውያን ግን ዛሬም በለይቶ አሳዋቂው ሐረግ ሁለቱንም ይጽፋሉ። ለአሜሪካ መሥሪያ ቤት የሚጽፍ ሰው የፋውለርን ቢከተል ይጠቀማል፤ ሌላው ብዙ አይጨነቅ።

ከምርጫው ይልቅ የሚያስጨንቀው ቃሏን መተው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲናገሩ «ዘ ማን አይ ሜት»፣ «ዘ ቡክ አይ ቦት» ይላሉ፤ «ሁ»ም «ዛት»ም የለም። ይህን የሰማ ተማሪ ሁልጊዜ መተው የሚቻል መስሎት «አይ ሃቭ አን አንት ሊቭስ ኢን ሀዋሳ» ይላል። ይህ ግን አይሆንም። ልዩነቱን ከቃሏ ቀጥሎ የሚመጣው ይናገራል። ከ«ዛት» ቀጥሎ ሌላ ባለቤት ካለ፣ ለምሳሌ «አይ»፣ «ማይ ቲቸር»፣ «ዘይ» ካለ፣ ቃሏ ብትቀር አይጎዳም። ወዲያው ግስ ከመጣ ግን መኖር ግድ ነው። እንግሊዝኛ ሰሚ ከስም ቀጥሎ ግስ ሲሰማ የዓረፍተ ነገሩ ዋና ግስ ያ ይመስለዋል፤ «ዘ ዉማን ሴልስ ሹዝ» ሲሉት ሴትየዋ ጫማ ትሸጣለች ብሎ ጨርሷል፤ «ኢዝ ማይ አንት» ሲመጣበት ግራ ይጋባል። «ሁ» የምትጠብቀው ያንን በር ነው። አማርኛው ላይ ይኸው ልዩነት ግሱ ላይ ይታያል፦ «የጠራኝ ሰው» ሲሆን ጠሪው ሰውዬው ነው፤ ስለዚህ «ዘ ማን ሁ ኮልድ ሚ»፤ «ሁ» አትነካም። «የጠራሁት ሰው» ሲሆን ጠሪው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ «ዘ ማን አይ ኮልድ» ይበቃል።

በመጨረሻ ኮማ አለች፤ ትንሽ ምልክት ናት፤ የሰው ደመወዝ ግን ልታስቀር ትችላለች። «ዘ ወርከርስ ሁ ፊኒሽድ ዘ ትሬይኒንግ ዊል ቢ ፔይድ» የሚል ውል ያለ ኮማ ከተጻፈ፣ የሚከፈላቸው ሥልጠናውን የጨረሱት ብቻ ናቸው፤ ያልጨረሱ አሉ፤ እነሱ አያገኙም። ከ«ወርከርስ» በኋላና ከ«ትሬይኒንግ» በኋላ ኮማ ቢገባ ግን ሠራተኞቹ ሁሉም ሥልጠናውን ጨርሰዋል፤ ሁሉም ይከፈላቸዋል፤ መጨረሳቸው የተነገረው እንደ ተጨማሪ ወሬ ነው። አማርኛው «ሥልጠናውን የጨረሱት ሠራተኞች ይከፈላቸዋል» ሲል ሁለቱንም ሊሸከም ይችላል፤ ለይተን መናገር ስንፈልግ «የጨረሱት ብቻ» ወይም «ሠራተኞቹ ሁሉም ስለጨረሱ» እያልን ቃል እንጨምራለን። እንግሊዝኛው ይህን ሥራ ለኮማ ሰጠ። በንግግር ጊዜ ትንሽ ዕረፍትና የድምፅ መውረድ የኮማዋን ቦታ ይይዛሉ።

ቤተሰብ ላይም እንዲሁ ነው። «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ዱባይ» ያለ ኮማ የጻፈ ሰው ሌላ ወንድም እንዳለው አሳወቀ፤ ከወንድሞቹ መካከል የዱባዩን ነው የሚለው። በኮማ ከከበበው ግን ወንድሙ አንድ ነው፤ ያም ዱባይ ይኖራል። ለኤምባሲ የቤተሰብ ዝርዝር የሚሞላ ሰው ይህን ቢያውቅ ከማያስፈልግ ጥያቄ ይድናል። በኮማ በተከበበ ሐረግ ውስጥ «ዛት» አይገባም፤ ቃሏንም መተው አይቻልም፤ እዚያ «ሁ» እና «ዊች» ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ወጣቷ ማመልከቻ እንመለስ። አንድ ተማሪ አሠራሩን በተማረ ማግስት የሚያደርገው ሁሉንም በአንድ ማጋጠም ነው፦ «አይ ሃቭ አን አንት ሁ ሊቭስ ኢን ሀዋሳ ሁ ሃዝ ኤ ሾፕ ዛት ሴልስ ሹዝ ዛት አይ ወርክድ ኢን…»። ሰዋስዉ ይቆማል፤ አንባቢው ግን ይወድቃል። እያንዳንዱ «ሁ» እና «ዛት» አዲስ ነገር ይዞ ከቀደመው ላይ ስለተንጠለጠለ የትኛው ዋና ጉዳይ እንደሆነ አይታወቅም። ከመቁረጡም መቀጠሉ ባሰ።

ከማጋጠም በፊት መወሰን ያለበት የትኛው ዜና፣ የትኛው ማስታወሻ እንደሆነ ነው። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ሱቅ ውስጥ መሥራቷንና ሒሳብ መያዝ መቻሏን። አክስቷ ሀዋሳ መኖሯ፣ ሱቁ ጫማ መሸጡ፣ ደንበኛውን እዚያ ማግኘቷ ማስታወሻ ናቸው። ዜናው የራሱ ግስ ያለው ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ ማስታወሻው ወደ ገላጭ ሐረግ ይግባ።

በዚህ ሚዛን «አይ ሃቭ አን አንት» የሚለው መጀመሪያ ራሱ ይወድቃል። አክስት መኖሯ ዜና አይደለም። «ማይ አንት» ብላ ብትነሣ ይበቃታል። ሀዋሳ የሚለው በኮማ ተከብቦ ይገባል፤ ሱቁን የሚለየው ጫማ መሸጡ ግን ያለ ኮማ ይሆናል። «ማይ አንት፣ ሁ ሊቭስ ኢን ሀዋሳ፣ ሃዝ ኤ ሾፕ ዛት ሴልስ ሹዝ።» አራቱ ዓረፍተ ነገሮች አንድ ሆኑ። ከዚያ «አይ ወርክድ ዜር» ትላለች፤ አጭር ሆና ትቅር፤ ዋናው ዜና ነውና ብቻዋን መቆሟ ያጎላታል። ስንት ዓመት እንደሠራችም እዚህ ላይ ብትጨምር ጥሩ ነው። ቀጥሎ ደንበኛው ይመጣል። «ኤ ከስተመር ቶት ሚ ቡክኪፒንግ። አይ ሜት ሂም ኢን ዘ ሾፕ።» የሁለተኛዋ «ሂም» ይነሣል፤ ከ«ከስተመር» ቀጥሎ «ሁ አይ ሜት ዜር» ይገባል፤ ከ«ሁ» ቀጥሎ ሌላ ባለቤት ስላለ «ሁ» ብትቀርም ይሆናል። «ኤ ከስተመር አይ ሜት ዜር ቶት ሚ ቡክኪፒንግ።»

ሰባቱ ሦስት ሆኑ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ መካከለኛ። ሌላ ጸሐፊ በሌላ መንገድ ሊያጋጥማቸው ይችላል፤ ለምሳሌ ማመልከቻው ለጫማ ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ጫማው ከማስታወሻነት ወደ ዜናነት ይወጣና «ዘ ሾፕ ዛት አይ ወርክድ ኢን ሶልድ ሹዝ» ልንል እንችላለን። እዚህ ላይ «ኢን» እና «ሶልድ» ጎን ለጎን መቆማቸው አያስደንግጥ፤ «ኢን» የሐረጉ መጨረሻ ናት፤ «ሶልድ» የዋናው ዓረፍተ ነገር ግስ ነው።

ይህን ለመማር የሰዋስው ስያሜዎችን መሸምደድ ግድ አይደለም። ፍራንክ ኦሄር የተባለ መምህር በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን የሰዋስው ቃላት ሳያስተምር አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን እንዲያጋጥሙ ብቻ አለማመዳቸው፤ ጽሑፋቸውም በግልጽ ተሻሻለ። በ2007 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ግራሃምና ዶሎሬስ ፔሪን ስለ ወጣቶች የጽሕፈት ትምህርት የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑም ዓረፍተ ነገር ማጋጠም ከጠቀሙት ዘዴዎች መካከል ተገኘ።

በእኛ አገር እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት መስጫ ቋንቋ ስለሆነ ልምምዱን በሌላ መጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ጽሑፍ መጀመር ይቻላል። በቅርቡ የጻፉትን አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ያውጡ። በሁለት ተከታታይ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተደገመውን ስም ወይም እሱን የተካውን «ሂ»፣ «ሺ»፣ «ኢት» ፈልገው ያስምሩበት። መጀመሪያ ሐሳቡን በአማርኛ በአንድ ትንፋሽ ይናገሩት፤ «የ» ያለበትን ግስ ይለዩ፤ ከዚያ ያንን ግስ በእንግሊዝኛ ከስሙ በኋላ ያሳድሩት፤ ትርፍ «ሂም» ወይም «ኢት» እንዳልቀረ፣ «በት»ም እንዳልጠፋ ይፈትሹ። መምህራን ደግሞ የተማሪን ደብተር ስታርሙ ቀይ ምልክት የሌለበትን ገጽ እለፉት ሳትሉ ቁጠሩት፤ በአንድ ገጽ ውስጥ አንድም «ሁ» ወይም «ዛት» ከሌለ ተማሪው እየሸሸ ነው፤ የሚያስፈልገውም ሁለት ዓረፍተ ነገር አውጥታችሁ «እነዚህን አጋጥማቸው» ብላችሁ መስጠት ነው።